«ሌላ ምን ልርዳሽ?» የማያስብል ምስጋና

ጥያቄ፦ «ሲቪል መሐንዲስ ነኝ፤ 28 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ አንድ ነባር መሐንዲስ ሁለት ዓመት ሙሉ አስተማሩኝ። ግዴታቸው አልነበረም። ባለፈው ወር ሌላ ድርጅት ተቀጥሬ የራሴ ሳይት ተሰጠኝ። ላመሰግናቸው ብዬ የጻፍኩት አራት ቀን ሆነው፤ ባነበብኩት ቁጥር ሽንገላ ይመስለኛል። ደግሞ ከአራት ወር በኋላ ለማስተርስ የድጋፍ ደብዳቤ ልጠይቃቸው አስቤያለሁ። አሁን አመስግኜ ያኔ ብጠይቅ ‹ለካ ለዚህ ነበር› አይሉም? የጻፍኩት ይኸው፦ ‹ክቡር ኢንጅነር፣ እንደምን ሰነበቱ? እርስዎ ለእኔ ከአለቃም በላይ አባቴ ነዎት። ያለ እርስዎ ዛሬ ያለሁበት አልደርስም ነበር። እንደ እርስዎ ያለ ደግና አዋቂ ሰው አይቼ አላውቅም። ውለታዎን በምን እንደምከፍል አላውቅም። ወደፊትም ምክርዎ እንደማይለየኝ ተስፋ አለኝ።›»

መልስ፦

እህቴ፣ መልእክትሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አንቺ ሸንጋይ አይደለሽም። ሸንጋይ አራት ቀን አይጨነቅም፤ በአምስት ደቂቃ ጽፎ ይልካል። የጻፍሽው ግን የሸንጋይ ልብስ ለብሷል። ለምን ብትይ፣ ከአምስቱ ዓረፍተ ነገሮች አንዱም የእሳቸው ብቻ አይደለም። ስሙን ቀይረሽ ለሃይስኩል አስተማሪሽ፣ ለነፍስ አባትሽ ወይም ለወረዳው ኃላፊ ብትልኪው ያለ ምንም ለውጥ ይሄዳል።

ሥራዬ ጀማሪ ባለሙያዎችን ከነባሮቹ ጋር ማገናኘት ነው። ብዙ ጊዜ አብረው የሚቆዩት ዓመት ከመንፈቅ ያህል ነው። ሲለያዩ ሁለቱንም ለየብቻ አነጋግራቸዋለሁ። ስለዚህ አንዱን ምስጋና ከላኪውም ከተቀባዩም አፍ የመስማት ዕድል አለኝ። ላኪዋ «በጣም ደስ ያላቸው ይመስለኛል» ትለኛለች። ተቀባዩ ደግሞ ስልኩን አውጥቶ ያሳየኝና «እስቲ እይው፣ ምን ፈልጋ ይሆን?» ይለኛል። ይህን ያየሁት አንዴ ሁለቴ አይደለም።

እንዲህ የሚያስቡት ክፉ ስለሆኑ አይደለም። በእኛ አገር ምስጋናና ልመና ድሮም በአንድ በር ነው የሚገቡት። ደጅ የሚጠና ሰው ጌታውን እያሞገሰ ነበር ጉዳዩን የሚያቀርበው። ዛሬም የትኛውም መሥሪያ ቤት የሚጻፍ ደብዳቤ መጨረሻው ላይ «ስለሚደረግልን ትብብር በቅድሚያ እናመሰግናለን» ይላል። ልብ በይ፣ ገና ምንም አልተደረገም። ምስጋናው ቀድሞ ሄዶ ሥራውን ይጠይቃል። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲቀበል የኖረ ሰው ያለ ምክንያት ሲመሰገን ወርቁን መፈለጉ አይቀርም። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ ነዋ።

ጥርጣሬያቸው መሠረትም አለው። ምስጋና በእርግጥ እጅ ያስዘረጋል። አዳም ግራንትና ፍራንቼስካ ጂኖ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2010 (እ.ኤ.አ.) ያሳተሙት አንድ ሙከራ አለ። ሰዎች የአንድ ተማሪ የሥራ ማመልከቻ ደብዳቤ ላይ አስተያየት ጻፉ። ከዚያ ተማሪው ሁለተኛ ደብዳቤውንም እንዲያዩለት ጠየቃቸው። ለግማሾቹ አስተያየታቸው እንደደረሰው ብቻ ገልጾ ጠየቀ፤ ለግማሾቹ ደግሞ ምስጋና ጨመረበት። ሳይመሰገኑ ከተጠየቁት 32 በመቶው ሲረዳው፣ ከተመሰገኑት 66 በመቶው ረዳው። አንድ የምስጋና ቃል እርዳታውን እጥፍ አደረገችው ማለት ነው። መካሪሽ ይህን ጥናት ባያነቡትም ኑሮ አስተምሯቸዋል። ሲያመሰግኗቸው ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ያውቃሉ።

ሌላ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ሊቅ፣ ኤድዋርድ ጆንስ፣ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ነገሩን ከሌላ ጎን አይቶት ነበር። ሰው ሌላውን ለማስደሰት የሚጥረው በጣም ሲፈልገው ነው። የሚጠረጠረውም በዚያው ሰዓት ነው። ስለዚህ ውዳሴው ሲበዛና ጉዳዩ ሲቀርብ፣ ቃሉ እውነት ቢሆንም አይታመንም። አንቺ አሁን ያለሽበት ቦታ ጥሩ ነው። ደብዳቤው ገና አራት ወር ቀርቶታል፤ ሥራም አግኝተሻል። የምታስጨንቂያቸው ነገር የለም። ስለዚህ አሁን ላኪው። ጽሑፉን ግን እናፍርሰው።

ከመጨረሻው ልጀምር፣ ምስጋና ብዙ ጊዜ የሚበላሸው መጨረሻው ላይ ነውና። «ወደፊትም ምክርዎ እንደማይለየኝ ተስፋ አለኝ።» ይህችን የጻፍሻት አስበሽባት አይመስለኝም። የደብዳቤ ልማድ ነች፤ እጅ ራሱ ይጽፋታል። ግን አንብቢያት እስቲ። ስለ ወደፊቱ የምትናገር ብቸኛዋ ዓረፍተ ነገር ነች፤ የምትለውም «ቀጥሉ» ነው። አንባቢ የመጨረሻዋን ነገር ይዞ ነው የሚቀረው። ከላይ ያሉት አራቱ ሁሉ ወደ እርሷ የሚወስዱ ደረጃዎች ሆኑ። አጥፊያት። ምንም አትተኪባት።

«አባቴ ነዎት» የሚለው ደግሞ ለስላሳ ይመስላል እንጂ ከባድ ነው። በአማርኛ ሰውን አባት ማለት ሥራ መስጠት ነው። አባት ይጠየቃል፣ ይለመናል፣ አይጨክንም። ልጅ ስትሆኚ እሳቸው የማይጨርሱት ግዴታ ውስጥ ገቡ። ቤታቸው ገብተሽ ከልጆቻቸው ጋር ማዕድ ቆርሰሽ ከሆነ፣ እሳቸውም «ልጄ» ብለው የሚጠሩሽ ከሆነ ያምርበታል። በሥራ ብቻ የምትተዋወቁ ከሆነ ግን «ኢንጅነር» ይበቃል። «ክቡር»ንም ተዪው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳይት ላይ «ኢንጅነር፣ ይቺን ድሮዊንግ ይዩልኝ» ስትያቸው ኖረሽ ዛሬ «ክቡር» ስትያቸው፣ ጉዳይ ይዛ መጣች ነው የሚሉት።

«ውለታዎን በምን እንደምከፍል አላውቅም» የሚለው ሒሳብ ይከፍታል። ያልጠየቁትን ዕዳ ታነሺና መልሱን ለእሳቸው ትተዪዋለሽ። «ኧረ ምን አደረግኩና!» ማለት አለባቸው። ምስጋና የተባለው ነገር ራሱ ሥራ ሰጣቸው ማለት ነው።

«ያለ እርስዎ አልደርስም ነበር» ውሸት ነው። አምስት ዓመት የተማርሽው አንቺ ነሽ። ፀሐይ ላይ የዋልሽውም አንቺ ነሽ። እሳቸውም ያውቁታል። የማያምኑትን ነገር ከነገርሻቸው ቀጥሎ ያለውን እውነትም አያምኑሽም።

የቀረችው «ደግና አዋቂ ሰው አይቼ አላውቅም» የምትለው ነች። ይህ ሰውየውን መመዘን ነው። አንድ ጊዜ እኔም እንዲህ ተመዝኜ አውቃለሁ። አብሮኝ የሠራ ልጅ «እንደ አንቺ ያለ አስተዋይ ሴት በሕይወቴ አልገጠመችኝም» ብሎ ጻፈልኝ። ደስ አለኝ? አለኝ፣ ለአንድ ደቂቃ። ከዚያ ግን ምን አድርጌለት እንደሆነ ላስታውስ ስሞክር መልእክቱ ምንም አልነገረኝም። የትኛው ምክሬ ጠቀመው? የትኛው ከንቱ ነበር? ዛሬም አላውቅም። በነገራችን ላይ በሳምንቱ ደውሎ የእህቱን ልጅ ሥራ እንዳስገባለት ጠየቀኝ።

ታዲያ ምን ይጻፍ? ያደረጉትን አንድ ነገር ንገሪያቸው። ሁለት አይደለም፤ አንድ። በእሱ ምን እንደሠራሽበት ጨምሪ። ምስጋናው እዚያው ውስጥ አለ። ያንቺን ታሪክ ስለማላውቀው ያንቺው ሙያ ላይ ያለች የሌላ ልጅ ታሪክ ልዋስ። ፈቃደኛ ሆናለች፤ እኔም ማንነቷን የሚያሳውቁ ዝርዝሮችን ቀይሬያለሁ።

ይህች ልጅ መጀመሪያ የላከችልኝ ረቂቅ ካንቺው ጋር ወንድምና እህት ነበር። «እሳቸው ያሉሽ፣ ዛሬም ሥራ ላይ ስትሆኚ ጆሮሽ ላይ የሚጮኽ አንድ ቃል ምንድን ነው?» አልኳት። ብዙም አላሰበች። «‹ሳትለኪ አትፈርሚ›» አለችኝ። መቼ አሉሽ? «ክረምት ነበር። ሶሌታ ሊሞላ ነው፤ ዝናብ ይዘንባል። ፎርማኑ ፌሮው ተቆጥሯል አለኝና ልፈርም ስል ወረቀቱን ከእጄ ነጥቀው ሜትር ይዤ እንድወጣ አደረጉኝ። ሰው ሁሉ እያየኝ። ማታ አልቅሻለሁ።» ከዚያ በኋላስ ጠቅሞሽ ያውቃል? ሳቀች። «ባለፈው ማክሰኞ!» አለችኝ።

ከዚህ የወጣው መልእክት ይህ ነው፦

«ኢንጅነር፣ እንደምን ሰነበቱ? ባለፈው ማክሰኞ የገጠመኝ ነገር እርስዎን አስታወሰኝ። የሁለተኛ ፎቅ ሶሌታ ልንሞላ ነበር። ፎርማኑ ሁሉም ተቆጥሯል አለኝ። ሜትሬን ይዤ ወጣሁ። ኮለኑ አጠገብ በ10 ሴንቲ ሜትር መታሰር የነበረበት የቢም ስታፋ በ20 ታስሯል። ሙሌቱን እስከ ምሳ ሰዓት አቆምኩትና የጎደለው ተጨመረ። ያኔ በዝናብ ‹ሳትለኪ አትፈርሚ› ብለው ሲያስወጡኝ በጣም ተናድጄብዎት ነበር። አሁን አብራኝ ለምትሠራው ጀማሪ ያንኑ እላታለሁ። ይህን እንዲያውቁት ብዬ ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

ልብ ብለሽ ከሆነ «ደግ»፣ «አዋቂ»፣ «ታላቅ» የሚል ቃል አንድም የለበትም። ግን አንብበሽ ስትጨርሺ ሰውየው ምን ዓይነት ሰው እንደሆኑ ታውቂያለሽ። እሳቸውም ያውቃሉ። ሙገሳው በእሳቸው ልብ ውስጥ ነው የተሠራው፤ አንቺ የሰጠሻቸው ፌሮውን ብቻ ነው።

ይህን መልእክት ለሌላ ሰው መላክ አይቻልም። ስታፋውም፣ ዝናቡም፣ ሜትሩም የእሳቸው ነው። እኔ ምስጋና ስመረምር የምጠቀምበት መፈተኛ ይኸው ነው፦ የተቀባዩን ስም አጠፋዋለሁ። ለማን እንደተጻፈ አሁንም የሚታወቅ ከሆነ አልፏል።

ከሁሉም በላይ የምወዳት ግን «ተናድጄብዎት ነበር» የምትለዋን ነው። ልጅቷ ልትሰርዛት ፈልጋ ነበር፤ «ነውር አይሆንም?» ብላ። እንዳትነካት ለመንኳት። ሸንጋይ እንዲህ ዓይነት ነገር አይጽፍም፤ አይደፍርም። ለሰውየው የማይመች አንድ እውነት ውስጡ ሲኖር ቀሪው ሁሉ ይታመናል። በእርግጥ ልኩ አለው። ዛሬም የሚያቃጥልሽን ቂም ምስጋና ውስጥ አታስገቢ። ያኔ መሮሽ አሁን የገባሽን ነገር ብቻ። አንቺም ሁለት ዓመት ውስጥ እንዲህ ያለ ቀን አይጠፋሽም።

መጨረሻዋንም እያት። «ይህን እንዲያውቁት ብዬ ነው» ትላለች፤ ለምን እንደጻፈች ነገረቻቸው፣ ወርቅ ፍለጋው እዚያ ላይ ቆመ። ከዚያ «እግዜር ይስጥልኝ»። ይህን አባባል ከልጅነታችን ጀምሮ ስለምንለው አናዳምጠውም እንጂ ድንቅ ነው። «ይስጥልኝ» ማለት በእኔ ፈንታ እርሱ ይስጥዎት ማለት ነው። ዕዳውን ከእኔም ከእርስዎም ላይ አንስቶ ወደ ላይ ይልከዋል። ከሰሚው የሚፈለገው «አብሮ ይስጠን» ወይም «አሜን» ብቻ ነው። «አላህ ይስጥልኝ»ም ያው ነው። ምርቃት ቀና የማይልሽ ከሆነ «አመሰግናለሁ» ብለሽ ዝጊው። ከዚያ በኋላ ግን ምንም አይጨመር። «ቡና ልጋብዝዎት» እንኳ ቢሆን። ቡናው ቀጠሮ ነው፤ ቀጠሮ ደግሞ መልስ ይፈልጋል።

ሰውየውን ከወራት በኋላ አግኝቻቸው ነበር። «ዝናቡን ጭራሽ ረስቼዋለሁ» አሉኝ። «ሳትለኪ አትፈርሚ ማለቴንም አላስታውስም። ለስንቱ ብያለሁ።» መልእክቱን ግን ለባለቤታቸው አንብበውላታል። መካሪዎች ያደረጉትን የሚያውቁት ይመስለናል። አያውቁትም። አሚት ኩመርና ኒኮላስ ኤፕሊ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2018 (እ.ኤ.አ.) ይህንኑ ፈትሸውት ነበር። ሰዎች ውለታ ለዋለላቸው ሰው የምስጋና ደብዳቤ እንዲጽፉና ተቀባዩ ምን እንደሚሰማው እንዲገምቱ አደረጉ። ከዚያ ተቀባዮቹን ጠየቁ። ጸሐፊዎቹ ተቀባዩ ከሚሰማው ኀፍረት በላይ፣ ከሚሰማው መደነቅና ደስታ ደግሞ በታች ነበር የገመቱት። ጸሐፊዎቹ «አሳምሬ ጽፌው ይሆን?» እያሉ ሲጨነቁ ተቀባዮቹ ያዩት ቅርበቱን ነበር። አራቱን ቀን የበላብሽም ይኸው የቃላት ጭንቀት ይመስለኛል።

አሁን ወደ ድጋፍ ደብዳቤው። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው፤ በ«አይዞሽ» አላልፈውም።

ምስጋናሽ ውስጥ የተደበቀ ጥያቄ መኖር አለመኖሩን የሚወስነው በመሃል ያለው የወራት ብዛት ብቻ አይደለም። እስቲ ራስሽን ይህን ጠይቂ፦ ነገ እሳቸው ሥራ ለቀው ልጆቻቸው ጋ ውጭ አገር ሊኖሩ ነው፤ ደብዳቤ ሊጽፉልሽ አይችሉም ቢባል፣ ይህን መልእክት ትልኪዋለሽ? «አዎ» ካልሽ ምስጋና ነው፤ ዛሬ ላኪው። «እንግዲህ ምን ያደርጋል» ካልሽ ማመልከቻ ነው። ማመልከቻ ደግሞ ነውር አይደለም፤ በማመልከቻነቱ ይጻፍ።

ማመልከቻው በጣም የቀረበ ቢሆን ኖሮ፣ ሁለት ሦስት ሳምንት ቢቀረው፣ ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር። ያኔ መጀመሪያ ጠይቂ፤ ምስጋናውን ጉዳዩ ካለቀ በኋላ አድርጊው እልሽ ነበር። ብዙ ሰው የሚሠራው ስህተት ተቃራኒው ነው። ሰኞ ያመሰግናል፤ ሐሙስ ይጠይቃል። የሐሙሱ መልእክት የሰኞውን ወደ ኋላ ሄዶ ይገድለዋል። ሰውየው ሰኞ የተሰማቸው ደስታ ያሳፍራቸዋል፤ ተሸወድኩ ይላሉ። ያ ስሜት ደግሞ ቶሎ አይለቅም።

አንቺ ግን አራት ወር አለሽ። አሁን አመስግኚ። ቀኑ ሲደርስ እንዲህ ጻፊ፦

«ኢንጅነር፣ ሰላም ነዎት? ዛሬ የምጽፍልዎት ለጥያቄ ነው። ለማስተርስ ላመለክት ነው፤ ሥራዬን የሚያውቅ ሰው የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልገኛል። ቀነ ገደቡ ከዛሬ አምስት ሳምንት በኋላ ነው። ጊዜ ከሌለዎት ቅር አይለኝም፤ ሌላ የምጠይቀው ሰው አለኝ። ከተስማሙ ሲቪዬንና አብረን የሠራናቸውን ሥራዎች ዝርዝር እልክልዎታለሁ።»

«ዛሬ የምጽፍልዎት ለጥያቄ ነው» የምትለዋ የመጀመሪያ ሐረግ ብዙ ሥራ ትሠራለች። ስትጠይቂ በግልጽ የምትጠይቂ ሰው መሆንሽን ታሳያለች። ሳትጠይቂ ስትጽፊ ደግሞ በእርግጥ እንደማትጠይቂ ወደ ኋላ ሄዳ ትመሰክርልሻለች። የፊተኛውን ምስጋናሽን የምታድነው እሷ ነች። «ሌላ የምጠይቀው ሰው አለኝ» ያልሽው ደግሞ እውነት መሆን አለበት። ሌላ ሰው ሳይኖርሽ እንዳትጽፊው፤ መጀመሪያ ሁለተኛውን ሰው ፈልጊ።

በዚህ መልእክት ውስጥ ስታፋውንና ዝናቡን አታንሺ። ምስጋናውን እንደገና ካወጣሽው ደረሰኝ መያዝ ይሆናል። «በቅድሚያ አመሰግናለሁ»ም አትበይ፤ ገና እሺ አላሉም። ደብዳቤውን ከጻፉልሽ በኋላ ግን ውጤቱን የግድ ንገሪያቸው፤ ባታልፊም እንኳ። መካሪዎች እኔ ጋ መጥተው ከሚያማርሩበት ነገር ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው። ጀማሪዎቹ ደብዳቤ አስጽፈው ይጠፋሉ። ተቀብለዋቸው ይሁን አይሁን ከሌላ ሰው ይሰማል።

አሁን ወደ ቀላሎቹ ልለፍ። ምስጋናውን በጽሑፍ ላኪው፤ ቴሌግራም ይበቃል። ስልክ ስትደውዪ በዚያች ቅጽበት ትሕትና ማሳየት ግዴታ ይሆንባቸዋል፤ «ተዪ እንጂ» እያሉ አቋርጠውሽ ነገሩ ሳይሰማ ያልፋል። ጽሑፍ ሲሆን ብቻቸውን ሆነው ያነቡታል። በቡድን ቻናል ወይም ፌስቡክ ላይ ስማቸውን ጠቅሰሽ መለጠፉን ተዪው። ሰው ፊት የተደረገ ውዳሴ ከተመስጋኙ ይልቅ አመስጋኙን ነው የሚያሳየው። በበዓል ቀን አትላኪው፤ ከእንኳን አደረሳችሁ ፎቶዎች ጋር ይቀላቀላል። እሳቸው በቅርቡ ተሹመው ከሆነም ትንሽ ታገሺ። ሹመት ሲሰማ ውለታው ትዝ የሚለው ሰው ይበዛል፤ ከእነሱ ጋር ተሰልፈሽ ባትገኚ ይሻላል።

ስጦታ ብዙ ሰው ይጠይቀኛል። አሁን አለቃሽ ስላልሆኑ ነውር የለውም፤ ግን ዋጋው እንዲታሰብ የሚያደርግ ነገር አትግዢ። ውድ ነገር እጅ መንሻ ይሆናል። ቤተሰብ ጥየቃ ሄደሽ ማር ወይም ቅቤ ይዘሽ ስትመለሺ ለእሳቸውም ብታካፍዪ ግን ማንም ክፉ አያስብም። ከምስጋናው ጋር አብረሽ ግን አትላኪው።

አንድ የቀረ ነገር አለ፤ እሱም ብዙ ጊዜ ሰው ሳይዘጋጅበት የሚገጥመው ነው። መልእክቱን ትልኪያለሽ። ከሰዓት በኋላ መልስ ይመጣል፦ «በጣም ደስ ብሎኛል። ሌላ ምን ልርዳሽ?» ክፋት የለበትም፤ ልማድ ነው። ግን ፈተና ነው። ማስተርሱ አፍሽ ላይ ይመጣል፤ «እንግዲህ ራሳቸው ከጠየቁኝማ» ትያለሽ። አትበዪ። ያን ጊዜ ከተናገርሽ ምስጋናሽ ለጥያቄው መንገድ ጠራጊ ሆኖ ይቀራል፤ ሳታስቢው። «ምንም ኢንጅነር፣ ዛሬ ለማመስገን ብቻ ነው» ብለሽ መልሺ።

እሳቸው አጥብቀው «አይ፣ ስለ ትምህርትሽስ ምን አሰብሽ?» ካሉሽ ደግሞ አትዋሺ። «ላመለክት አስቤያለሁ፤ ጊዜው ሲደርስ ለብቻው ላማክርዎት እችላለሁ» በይ። እውነቱ ወጣ፤ ጥያቄው ግን ቀኑን ጠብቆ ይመጣል።

ምናልባት ደግሞ እንደ ብዙዎቹ ነባር መሐንዲሶች ይሆናሉ። አንብበው፣ ሁለቷ ምልክት ታይታ፣ ሦስት ቀን ዝም ይሉና አንድ ማታ «አሜን» ብቻ ብለው ይልካሉ። «ደርሶዎታል?» ብለሽ እንዳትጽፊ። «አሜን» መልስ ነው። ልብ ምልክት አድርጊበትና ወደ ሳይትሽ ሂጂ።